ቤቱን አይተሽ ከወጣሽ በኋላ አከራዩ ዝም ሲል



ጀርመን ውስጥ ቤት ፈልጋ የምታውቅ እህት ይህን ትረዳኛለች። ቤት ለማየት ቀጠሮ ማግኘት ከባድ ነው፤ ካየሽ በኋላ ያሉት ቀናት ግን ይብሳሉ። ስልክሽን በየሰዓቱ ከፍተሽ ታያለሽ። ልጆቹ "እማዬ፣ አዲሱ ቤት መቼ ነው የምንገባው?" ይሉሻል። አከራዩ ግን ዝም ብሏል። ብጠይቀው ጨቅጫቃ እመስለው ይሆን? ባልጠይቀውስ ረስቶኝ ቢሆን? በዚህ ሐሳብ መካከል ቀኑ ይሄዳል።

እኛ ፍራንክፈርት ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከሦስት ልጆች ጋር ነበርን። ባለቤቴ አውቶቡስ ይነዳል፤ እኔ በአረጋውያን መንከባከቢያ ግማሽ ቀን እሠራለሁ። ሰፋ ያለ ቤት እስክናገኝ ድረስ ከአከራዮች ጋር ብዙ ተጻጽፌያለሁ። ከዚያ ሁሉ የሚጠቅምሽ አንድ ነገር ቢኖር ከዕይታ በኋላ መልስ ሲዘገይ እንዴት በአክብሮት እንደሚጠየቅ ነውና እሱን ብቻ ላካፍልሽ።

በመጀመሪያ ዝምታው ከምን እንደሚመጣ እንይ። ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያሳይሽ ሰው ቤቱን የሚሰጥሽ ሰው አይደለም። የሚያሳይሽ ከሕንፃ አስተዳዳሪው መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ከሀውስፈርቫልቱንግ የመጣ ሠራተኛ ነው፤ ወይም ደላላው ማክለር ነው፤ አንዳንዴም የሚለቀው ተከራይ ራሱ ነው። ሠራተኛው ያዩትን ሰዎች ወረቀት ይሰበስባል፣ ከመካከላቸው ጥቂቶችን መርጦ ለቤቱ ባለቤት ይልካል። ባለቤቱ አንዱን ይመርጣል። የተመረጠው ሰው ደግሞ "እሺ" ብሎ ውል እስኪፈርም ድረስ ለሌሎቹ "አልሆነም" ብሎ የሚጽፍ የለም፤ ምክንያቱም አንደኛው ሐሳቡን ከቀየረ ወደ ሁለተኛው ይሄዳሉ። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ዝምታ "አይሆንም" ማለት ላይሆን ይችላል። ባለቤቱ ገና አላየውም፣ ወይም ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ነሽ ማለት ሊሆን ይችላል። የምትጽፊው መልእክት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ወረቀትሽ በክምር ውስጥ እያለ ስምሽን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ያወጣዋል።

ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው ሌላ ነገር ነው፤ "ሒጃቤን አይቶ ነው" እንላለን። ይህ የሚደርስ ነገር ነው፤ የለም ብዬ አላታልልሽም። ዝምታ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ሒጃብ ለማትለብሰውም ጎረቤትሽ አይመልሱም። ማስረጃ የሚሆነው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ "ለእናንተ ዓይነት ሰው አናከራይም" የሚል ቃል፣ ወይም ለአንቺ "ተይዟል" ተብሎ በዚያው ቀን በጀርመን ስም ለጠየቀች ጓደኛሽ ቀጠሮ ሲሰጥ። እንዲህ ያለ ነገር ካጋጠመሽ ቀኑንና ቃሉን ጻፊ፣ መልእክቶቹንም አስቀምጪ። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የእኩል አያያዝ ሕግ አለ፤ በዚህ ሕግ ካሳ ለመጠየቅ ያለሽ ጊዜ ሁለት ወር ብቻ ስለሆነ ቶሎ ወደ ፀረ አድልዎ ምክር መስጫ ሂጂ። ከዚያ ውጭ ግን ሑስኑ ዘን ይዘሽ ጻፊ። በልብሽ ተቀይመሽ የጻፍሽው ደብዳቤ ቅያሜው ከመስመሮቹ መካከል ይታያል።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ። የሚጠየቅበት ቀን የሚወሰነው ገና ቤቱ ውስጥ እያለሽ ነው። ተሰናብተሽ ከመውጣትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፦ "ውሳኔው በግምት መቼ ይታወቃል?" እና "ጥያቄ ካለኝ በምን ላግኝዎት፣ በኢሜይል ወይስ በስልክ?" ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ቁም ነገረኛ መሆንሽን ያሳያል። ቀን ከሰጡሽ ያ ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ጠብቀሽ ጻፊ። ቀን ካልሰጡሽ ወረቀቶችሽን ከላክሽበት ቀን ጀምሮ አምስት የሥራ ቀናት ቁጠሪ። ቅዳሜና እሑድ አይቆጠሩም። እሑድ ቀን መደወል ደግሞ እዚህ አገር የሰው ዕረፍት መድፈር ነው፤ ኢሜይሉንም ቢሆን ጠዋት ቢሮ ሲከፈት እንዲደርስ አድርጊው።

የእኛን ላሳይሽ። ቤቱን ያየነው ቅዳሜ ሴፕቴምበር 13 ነበር። ሦስት ክፍል፣ 78 ካሬ ሜትር፣ ባዶ ኪራዩ 980 ዩሮ፣ ከውሃና ማሞቂያ ወጪ ጋር 1,200 ዩሮ። ያሳየችን ሴት ከአስተዳዳሪው ቢሮ ነበረች፤ "እስከ ረቡዕ እናሳውቃለን፣ በኢሜይል ጻፉልኝ" አለች። በማግስቱ ማታ ወረቀቶቹን ላክን፦ ስለ ራሳችን የሞላነውን ቅጽ፣ የሁለታችንን የመጨረሻ ሦስት ወር የደመወዝ ወረቀት፣ የሹፋን የዕዳ ማረጋገጫ እና የቀድሞ አከራያችን "የኪራይ ዕዳ የለባቸውም" ብሎ የጻፈልንን። ረቡዕ አለፈ። ሐሙስን ጠበቅሁ። አርብ ሴፕቴምበር 19 ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጻፍሁ።

ከመጻፌ በፊት ግን አንድ ያሰብኩበት ነገር ነበር፤ እሱም ስም ነው። እኛ ሐበሾች የቤተሰብ ስም የለንም። የባለቤቴ ስም በአባቱ ነው፣ የእኔ በአባቴ፣ የልጆቹ በእሱ። ለጀርመን ቢሮ ይህ ሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላል። በዕይታው ቀን ዝርዝር ላይ የተጻፈው በአንቺ ስም ከሆነ፣ የደመወዝ ወረቀቱ በባልሽ ስም ከሆነ፣ ኢሜይሉ ደግሞ በሦስተኛ የቅጽል ስም ከመጣ፣ ሠራተኛዋ የማንን ጉዳይ እንደምትፈልግ አታውቅም። ስለዚህ የሚጻፈው ወረቀቶቹ ከተላኩበት አድራሻ ነው፤ ሲቻልም በዚያው በፊተኛው ኢሜይል ላይ "መልስ" ተብሎ ነው፤ ያኔ የላክሻቸው ወረቀቶች ከሥሩ አብረው ይታያሉ። በቤት ፍለጋ ድረ ገጹ በኩል ከተጻጻፋችሁ እዚያው ቀጥዪ። በርዕሱ ላይ ደግሞ የመንገዱን ስምና የቤት ቁጥር፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ያያችሁበትን ቀንና የሁለታችሁንም ስም አስቀምጪ። ሠራተኛዋ ሳትከፍተው ማን እንደሆንሽ ማወቅ አለባት።

የጻፍኩት በጀርመንኛ፣ በመደበኛው የአክብሮት አነጋገር ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

"ክብርት ወይዘሮ እገሊት፣ ቅዳሜ ሴፕቴምበር 13 በ11 ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ያለውን ቤት ስላሳዩን በድጋሚ እናመሰግናለን። ቤቱን አሁንም ለመከራየት እንፈልጋለን። ወረቀቶቻችንን በሴፕቴምበር 14 ልከናል፤ ባለቤቴና እኔ የተለያየ የአባት ስም ብንጠቀምም ማመልከቻው የአንድ ቤተሰብ ነው። ውሳኔው በምን ደረጃ ላይ እንዳለ ሊያሳውቁን ይችላሉ? የጎደለ ወረቀት ካለ በዚያው ቀን እንልካለን። አሁን ያለንበትን ቤት የማስለቀቂያ ጊዜ መጠበቅ ስላለብን እስከሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ መልስ ብናገኝ በጣም ይረዳናል። ከአክብሮት ጋር።" ከሥሩ የሁለታችን ስምና አንድ ስልክ ቁጥር።

ይኸው ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥራ አለው። የመጀመሪያው ማን እንደሆንን ያስታውሳል። ሁለተኛው ፍላጎታችን እንዳለ ይናገራል፤ ብዙ ሰው ካየ በኋላ ሐሳቡን ስለሚቀይር አከራዩ በእርግጥ የሚፈልገውን ሰው ማወቅ ይፈልጋል። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ በአንድ መስመር ሊመለስ የሚችል። የጠቀስኩትም ቀን የግል ችኮላ ሳይሆን ምክንያት ያለው ነው።

ያልጻፍኩትንም ልንገርሽ። "ለምን አልመለሳችሁልኝም?" አላልኩም። ልጆቼ በአንድ ክፍል ሦስት ሆነው እንደሚተኙ አልተረኩም። እዚህ አገር አከራይ የሚፈራው ኪራይ የማይከፍልን ተከራይና ለቤቱ በዝቶ የሚኖርን ቤተሰብ ነውና፣ እኛ ለማሳዘን የምንነግረው ታሪክ እሱን ያሸሸዋል። "የጠየቃችሁትን ጨምሬ እከፍላለሁ" አላልኩም። የፓስፖርት ቅጂም ዳግመኛ አላያያዝኩም፤ ከተላከ ተልኳል። ደግሞም ባለቤቴ፣ እኔና ጀርመንኛ የሚችለው የአጎቴ ልጅ በየፊናችን እንዳንደውል ተስማማን። ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይጠይቅ፤ ሦስት ድምፅ ሲደርሳቸው ጭቅጭቅ ይሆንባቸዋል።

አከራይሽ ቢሮ ሳይሆን ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ከሆኑ ግን መንገዱ ይለያል። እሳቸው ኢሜይላቸውን በሳምንት አንድ ጊዜ ይከፍቱ ይሆናል። ለእሳቸው ከሰዓት በኋላ፣ ከምሳ ዕረፍት ሰዓት ውጭ፣ አንድ አጭር ስልክ ይሻላል፤ ወይም ስምሽና ስልክሽ ያለበት በእጅ የተጻፈ አጭር ካርድ በፖስታ ሣጥናቸው ውስጥ ማስገባት። በር ማንኳኳት ግን አይሁን።

ለእኛ ኢሜይል መልስ አልመጣም። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው በኋላ በአራት የሥራ ቀን አካባቢ ይሁን፤ መንገዱንም ቀይሪ። በኢሜይል ጽፈሽ ካልተመለሰልሽ ደውዪ። የቢሮዎቹ የስልክ ሰዓት በድረ ገጻቸው ወይም በኢሜይላቸው ግርጌ ይጻፋል፤ የእነሱ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። ሐሙስ ሴፕቴምበር 25 ደወልኩ። ስሜን፣ የመንገዱን ስምና ያየንበትን ቀን ተናገርኩ። "ስለ ማመልከቻችን ጠይቄ ነበር፤ ውሳኔው ተሰጥቷል ወይስ እየታየ ነው?" አልኩ። ሴትየዋ ፈልጋ አገኘችን። "ወይዘሮ፣ ባለቤቱ ሌላ ቤተሰብ መርጠዋል፤ ትናንት ውል ፈርመዋል፤ ይቅርታ" አለችኝ።

ከባድ ነው እህቴ፤ አልሐምዱሊላህ ዐላ ኩሊ ሓል። ነገር ግን "አልሆነም" የሚለው ቃል ራሱ ጥቅም አለው፤ ሌላውን ቤት በሙሉ ልብ ትፈልጊያለሽ። በዚያች ሰዓት ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ፦ "ወረቀቶቻችንን ይዛችሁ፣ ተመሳሳይ ቤት ሲለቀቅ ልታሳውቁን ትችላላችሁ?" አንድ ቢሮ ብዙ ሕንፃ ያስተዳድራል፤ ወረቀቱ የተሟላና በትሕትና የሚናገር ሰው ለሠራተኛዋ ሥራ ይቀንስላታል። እሷም "ከጃንዋሪ አንድ የሚለቀቅ በሚቀጥለው መንገድ አለ፤ ኦክቶበር 11 ይታያል" አለችኝ። ያንን ቤት አየን፤ በቃሏ ቀን ደውላ ነገረችን፤ ኦክቶበር 24 ውል ፈረምን።

የማስለቀቂያ ጊዜ ያልኩሽን እዚህ ጋ ላብራራ፤ የዝምታው ዋጋ በገንዘብ የሚታየው በዚህ ነውና። ጀርመን ውስጥ ከቤትሽ ለመውጣት የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብሽ። ደብዳቤው ለአከራዩ እስከ ወሩ ሦስተኛ የሥራ ቀን ከደረሰ ያ ወር ይቆጠርልሻል፤ ካለፈ ግን አንድ ወር ይገፋል። እኛ ውሉን በፈረምን በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ኦክቶበር 27፣ ደብዳቤውን በእጅ አደረስን። ከኖቬምበር ጀምሮ ተቆጥሮ በጃንዋሪ መጨረሻ ወጣን፤ ሁለት ኪራይ የከፈልነው ለአንድ ወር ብቻ ነው። የአዲሱ ቤት መልስ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ሁለት ወር ይሆን ነበር። ለዚህ ነው በመልእክትሽ ውስጥ ቀን መጥቀስሽ እውነተኛ ምክንያት የሚሆነው። ሁለት ነገር ግን አትርሺ። ማስጠንቀቂያው በወረቀት ተጽፎ በውሉ ላይ ያሉት ሁሉ በእጃቸው የፈረሙበት መሆን አለበት፤ በኢሜይል ወይም በዋትሳፕ ቢላክ አይቆጠርም። ሁለተኛ፣ አዲሱ ውል በሁለቱም ወገን ሳይፈረም ማስጠንቀቂያ አትስጪ። "ቤቱን እንሰጣችኋለን ብለውናል" የሚል የስልክ ቃል ይዞ አሮጌውን ቤት መልቀቅ ከልጆች ጋር ጎዳና ሊያስወጣ ይችላል።

ለጥያቄሽ የሚመጣ መልስ ሁሉም ደግሞ ደስ የሚያሰኝ አይደለም። "ቤቱን እንድናስቀምጥላችሁ 300 ዩሮ ላኩ" የሚል መልስ ከመጣ እዚያው አቁሚ። ማክለሩን የቀጠረው አከራዩ ከሆነ የሚከፍለው አከራዩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከጁን 2015 ጀምሮ ሕጉ እንዲህ ነው። ቤት "ማስያዣ" የሚባል ክፍያም ከተከራይ ሊወስድ አይችልም። መያዣው ገንዘብ፣ ካውሲዮን የምንለው፣ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ መብለጥ አይችልም፤ በዚያ በ980 ዩሮው ቤት ቢሆን 2,940 ዩሮ ማለት ነው። በሦስት እኩል ወራዊ ክፍያ የመክፈል መብት አለሽ፤ የመጀመሪያው የሚከፈለውም የኪራዩ ጊዜ ሲጀምር ነው። ለቀናት ዝም ብሎ ቆይቶ በድንገት ገንዘብ የሚጠይቅ፣ "ውጭ አገር ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ" የሚል ሰው አከራይ አይደለም። እንዲህ ሲሆን ለመሬት መዝገቡ ወይም ለጎረቤት አትሩጪ፤ ገንዘቡን አለመላክ ይበቃል።

አንድ ጊዜ በጽሑፍ፣ አንድ ጊዜ በስልክ ጠይቀሽ መልስ ከሌለ ሦስተኛ አትጻፊ። ከሁለት ጥያቄ በኋላ የሚቀጥል ዝምታ "አይሆንም" ነው ብለሽ ውሰጂው። ሦስተኛው መልእክት ውሳኔ አይቀይርም፤ ነገ ሌላ ቤት የሚያሳይሽ ያው ቢሮ ሊሆን ስለሚችል ግን ስምሽን ሊያበላሽ ይችላል። በመጠበቂያው ጊዜም ሌላ ዕይታ አትሰርዢ። እኔ ማስታወሻ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ መስመር ነበረኝ፦ ያየሁበት ቀን፣ ያሳየኝ ሰው፣ የሰጡኝ ቀን፣ የጻፍኩበት፣ የደወልኩበት። ሁለቱ የመጨረሻ ቦታዎች ሲሞሉ መስመሩን እሰርዘውና ወደሚቀጥለው እሄድ ነበር። ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ የእኛ ድርሻ ግን በጊዜው፣ በአክብሮት፣ በአጭሩ መጠየቅ ነው።

ዛሬ ቤት አይታችሁ መልስ የምትጠብቁ እህቶች ካላችሁ አላህ ከመልሱ ኸይሩን፣ ከቤቱም ሰፊውን ይወፍቃችሁ። ወሰላሙ ዐለይኩም።